ፒ-ቫልዩ 0.041 ሲወጣ «ልዩነት የሌለ የመሆኑ ዕድል 4.1 በመቶ ነው» ማለት ለምን ስሕተት ይሆናል?

ሕሊና (ጥያቄ አቅራቢ)

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሠራሁት ጥናት አነስተኛ ነው። ለሕሙማን የሚሰጥ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ በሁለት መልክ አዘጋጀሁ፤ አንደኛው በጽሑፍ ብቻ የቀረበ፣ ሁለተኛው በሥዕል የታገዘ ነው። ሁለቱንም ለ20 ሰዎች አሳይቼ የትኛው ይበልጥ እንደሚገባቸው ስጠይቃቸው 15ቱ በሥዕል የታገዘውን መረጡ። ስሌቱን የሠራሁት R በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በዚህ ትእዛዝ ነው፦

```
binom.test(15, 20)
```

የወጣው ፒ-ቫልዩ 0.04139 ነው። በውጤት ምዕራፌም «በሁለቱ መመሪያዎች መካከል የምርጫ ልዩነት የሌለ የመሆኑ ዕድል 4.1 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ልዩነት መኖሩ በ95.9 በመቶ እርግጠኝነት ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍሁ። ገምጋሚው ዓረፍተ ነገሩን ሰርዞ በጎኑ «ፒ-ቫልዩ ይህን አይነግርሽም» የሚል አንድ መስመር ብቻ አስፍሮ መለሰልኝ። ብዙ ማብራሪያ አነበብሁ፤ ሁሉም «ባዶው መላምት እውነት ነው ተብሎ ሲታሰብ» የሚለውን ሐረግ ይደግማሉ እንጂ የእኔ ዓረፍተ ነገር ከዚያ በምን እንደሚለይ አያሳዩም። ዕድሉ 4.1 በመቶ ካልሆነ ታዲያ ስንት ነው?

አብነት

ችግሩ የአገላለጽ ይመስለኛል። ፒ-ቫልዩ የመላምቱ ዕድል አይደለም፤ የመረጃው ዕድል ነው። በቀላል አነጋገር፣ 15 ለ 5 የሆነው ውጤት በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የመሆኑ ዕድል ነው። ስለዚህ «ይህ ውጤት በአጋጣሚ የተገኘ የመሆኑ ዕድል 4.1 በመቶ ነው» ብለው ቢጽፉ ገምጋሚዎ የሚቃወሙ አይመስለኝም። እኔ በሥራዬ የምጽፈው እንዲሁ ነው፤ እስካሁን የመለሰብኝ የለም።

ቆጣሪው

አቶ አብነት ፒ-ቫልዩ የመላምቱ ዕድል አይደለም ማለታቸው ልክ ነው፤ «በአጋጣሚ ብቻ የመጣ» ያሉት ግን ወይዘሪት ሕሊናን ወደወጡበት ጉድጓድ ይመልሳቸዋል። ውጤቱ «በአጋጣሚ ብቻ መጣ» ማለት በሁለቱ መመሪያዎች መካከል እውነተኛ ልዩነት የለም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ራሱ ባዶው መላምት ነው። ስለዚህ «በአጋጣሚ የመጣ የመሆኑ ዕድል» እና «ልዩነት የሌለ የመሆኑ ዕድል» አንድ ነገር በሁለት ልብስ ናቸው። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ፒ-ቫልዩ ባወጣው መግለጫ ሁለቱንም አነጋገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ፒ-ቫልዩ አንዱንም እንደማይለካ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ስሌቱ ራሱ ምን እንዳደረገ እንይ። ኮምፒውተሩ ስለ እርስዎ መመሪያዎች አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም። ያደረገው፣ ሰዎቹ ሁሉ ለሁለቱም መመሪያዎች እኩል ዝንባሌ ያላቸውን ዓለም መገመትና በዚያ ዓለም ውስጥ 20 ሰዎች ሲጠየቁ ምን ምን ሊወጣ እንደሚችል መቁጠር ብቻ ነው። ሊወጡ የሚችሉት የምርጫ ሰልፎች 1,048,576 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንደኛው መመሪያ፣ የትኛውም ይሁን፣ 15 ወይም ከዚያ በላይ ድምፅ የሚያገኝባቸው 43,400 ናቸው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉት 0.04139 ይመጣል። ፒ-ቫልዩ ይኸው ነው። ልብ ይበሉ፤ ባዶው መላምት በዚህ ስሌት ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ሆኖ ነው የተያዘው። እውነት ነው ብለን ያስገባነው ነገር፣ በስሌቱ መጨረሻ እውነት የመሆኑ ዕድል ሆኖ ሊወጣልን አይችልም።

የሁለቱን ልዩነት ለማየት አንድ ሰው ሐኪም ከሆነ ማንበብ የመቻሉን ዕድል፣ ማንበብ የሚችል ሰው ሐኪም ከመሆኑ ዕድል ጋር ያነጻጽሩ። የመጀመሪያው ወደ መቶ በመቶ ይጠጋል፤ ሁለተኛው እጅግ ትንሽ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ደግሞ ሐኪሞች ከሕዝቡ ምን ያህሉ እንደሆኑ ማወቅ ግድ ነው። በእርስዎም ጉዳይ የጎደለው ይህ ነው።

«ታዲያ ስንት ነው?» ላሉት፣ በአሐዝ ልሞክር። ልክ እንደ እርስዎ ያለ፣ 20 ሰዎችን የጠየቀ 1,000 ጥናት አለ እንበል። በ900ዎቹ ሁለቱ መመሪያዎች በእውነት እኩል ናቸው፤ በ100ዎቹ ደግሞ አዲሱ በእውነት ይመረጣል፣ ከአራት ሰው ሦስቱ ይወስዱታል። እኩል ከሆኑት 900 ጥናቶች 37 ያህሉ እንዲሁ 15 ለ 5 ወይም ከዚያ የራቀ ውጤት ይሰጣሉ፤ 900ን በ0.0414 ሲያባዙ የሚገኘው ነው። እውነተኛ ልዩነት ካለባቸው 100 ጥናቶች ደግሞ 62 ያህሉ ይህንን ይሰጣሉ። እንግዲህ በድምሩ 99 ተመራማሪዎች ፒ-ቫልዩአቸው ከ0.042 በታች ሆኖ ደስ ብሏቸው ይጽፋሉ፤ ከእነርሱ 37ቱ፣ ማለትም ከሲሶው በላይ፣ የጻፉት ስለሌለ ልዩነት ነው። አራት በመቶ አይደለም።

ይህም ቢሆን ለእርስዎ ያደላ አቆጣጠር ነው። እርስዎ ያገኙት ልክ 15 ለ 5 ነው እንጂ 18 ለ 2 ወይም 20 ለ 0 አይደለም፤ ስለዚህ እነዚያን ጠንካራ ውጤቶች ያገኙትን ከቡድንዎ ማስወጣት አለብን። ልክ 15 ለ 5 ያገኙትን ብቻ ስንቆጥር፣ ከ900ዎቹ 27፣ ከ100ዎቹ 20 ይቀራሉ። በዚህ ዓለም ውስጥ የእርስዎን ውጤት በትክክል ከያዙት 47 ተመራማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልዩነት በሌለበት የሠሩ ናቸው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ይህንን ያሂድ፦

```
n <- 1000000
fair <- runif(n) < 0.9
x <- rbinom(n, 20, ifelse(fair, 0.5, 0.75))
mean(fair[x >= 15 | x <= 5])
mean(fair[x == 15 | x == 5])
```

የመጀመሪያው መስመር ወደ 0.38፣ ሁለተኛው ወደ 0.57 ይጠጋል። 0.9 የሚለውን ወደ 0.5 ቢቀይሩት ሁለተኛው ወደ 0.13 ይወርዳል። ፒ-ቫልዩው ግን በሁለቱም ዓለማት ያው 0.041 ነው።

ማክዳ

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፤ የእኔ ግን በተቃራኒው ነው። ሁለት የናሙና ማዘጋጃ ዘዴዎች የሚወስዱትን ጊዜ በየዘዴው 12 ናሙና እየወሰድሁ አነጻጸርሁ። አዲሱ ዘዴ በአማካይ 6 ደቂቃ ቢያስረዝምም ፒ-ቫልዩው 0.38 ሆነ። ከላይ የተጻፈውን አንብቤ 38 በመቶ ዕድል ነው እንደማይባል ገባኝ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ «ሁለቱ ዘዴዎች እኩል ጊዜ ይወስዳሉ» ብዬ ብጽፍ ትክክል ነው? ከ0.05 በታች ስላልሆነ ባዶው መላምት ተረጋግጧል ማለት ነው አይደል?

ቆጣሪው

አይደለም፣ ወይዘሪት ማክዳ። ይህ ያው ስሕተት ተገልብጦ ነው። 0.38 የሚለው፣ ሁለቱ ዘዴዎች እኩል በሆኑበት ዓለም እንዲህ ያለ ልዩነት ብርቅ አይደለም ብቻ ነው። ዘዴዎቹ እኩል ባልሆኑበት ዓለምም ብርቅ ላይሆን ይችላል፤ 12 ናሙና ብዙ አይለይምና። የልዩነቱ መደበኛ ስሕተት ስንት ነው የወጣልዎ?

ማክዳ

6.7 ደቂቃ ይላል።

ቆጣሪው

እንግዲያው የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ አዲሱ ዘዴ 8 ደቂቃ ያህል ከሚያሳጥርበት ጀምሮ 20 ደቂቃ ያህል እስከሚያስረዝምበት የተዘረጋ ነው። መረጃዎ ከዚህ ክልል ውስጥ አንዱንም አልጣለውም። ለእርስዎ ላቦራቶሪ 20 ደቂቃ ብዙ ከሆነ፣ «እኩል ናቸው» ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው። «በዚህ ናሙና ብዛት መለየት አልቻልንም» ብለው ክልሉን ይጻፉ።

ሕሊና

አቶ ቆጣሪው፣ ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ። ስሌቱን አሂጄ ቁጥሮቹን አገኘሁ። ነገር ግን ጥያቄዬ አሁን ይበልጥ አስጨነቀኝ፤ በአንዱ ዓለም 57 በመቶ፣ በሌላው 13 በመቶ ነው። እኔ በየትኛው ዓለም እንደምኖር በምን አውቃለሁ? 900ና 100 የሚለውን ከየት አመጡት?

ዳኛው

ከየትም አላመጣውም፤ ፈጠረው። እኔ ዝም ብዬ ሳነብ የቆየሁት ይህ ጥያቄ እስኪመጣ ነበር።

ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛው፣ ባዶው መላምት ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት ነው። የእርስዎ ሁለት መመሪያዎች ከ1,000 መመሪያዎች መካከል በዕጣ የወጡ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ የተሠሩ፣ ያሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ «መላምቱ እውነት የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?» ለሚለው ትክክለኛው መልስ 57ም 13ም አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ በእኛ ዘንድ ቁጥር የለውም። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ነይማንና ፒርሰን በ1930ዎቹ የሠሩት ነገር ትርጉሙ ይህ ነበር፤ ዕድል የሚባለው ደጋግመን በምንሠራበት የአሠራር ደንብ ላይ ነው እንጂ በአንድ መላምት ላይ አይለጠፍም። ፒ-ቫልዩ የመላምቱን ዕድል የማይነግረን ስለጎደለው አይደለም፤ እንዲያ ያለ ነገር በዚህ አስተሳሰብ ስለሌለ ነው።

ሁለተኛው፣ ቆጣሪው ሳያውቀው፣ ወይም እያወቀ፣ ሚዛኑን ነክቶታል። እውነተኛ ልዩነት ባለባቸው ጥናቶች «ከአራት ሰው ሦስቱ» አለ። ለምን 60 በመቶ አላለም? ለምን 90 አላለም? ምክንያቱም 15 ከ20 ልክ 75 በመቶ ስለሆነ ነው። ውጤቱን ካየ በኋላ ለውጤቱ በልክ የተሰፋ ተቀናቃኝ አቆመለት።

ቆጣሪው

ሁለተኛውን ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ ልክ ነህ ዳኛው። 75 በመቶ የመረጥሁት ቁጥሮቹ እንዲያጥሩ ብዬ ነው፤ ለልዩነት መኖር ግን ከሁሉ የሚያደላው ምርጫ ነው። ልዩነት ሲኖር መጠኑን አናውቅም ብለን፣ የመራጮች ድርሻ ከ0 እስከ 100 በመቶ የትም ቦታ በእኩልነት ሊውል ይችላል ብንል፣ ከ0 እስከ 20 ያሉት 21 ውጤቶች ሁሉ እኩል ዕድል ይኖራቸዋል፤ 15 ወይም 5 የመውጣት ዕድልም ከ21 ሁለት ነው። እኩል በሆነው ዓለም ደግሞ ይኸው 0.0296 ነበር። ግማሽ በግማሽ ብለን ብንነሳ እንኳ፣ 15 ለ 5 ካዩት ውስጥ ልዩነት በሌለበት የሠሩት 13 በመቶ መሆናቸው ቀርቶ ወደ 24 በመቶ ይወጣሉ። ከ900 ለ 100 ብንነሳ ደግሞ 74 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። ስለዚህ እርማትህ የተነሣሁበትን ነጥብ አላፈረሰውም፤ እንዲያውም አባባሰው።

የመጀመሪያውን ግን አልቀበልም። ሕሊና የጠየቁት ጥያቄ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አንድ ሐኪም ይህን መመሪያ ላትም ወይስ ልተው ብሎ ሲያስብ፣ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ምን ይሆን ነበር አይልም፤ ይህ ነገር ይሠራል ወይ ነው የሚለው። ጥያቄው ቁጥር እንዲኖረው ከተፈለገ ቅድመ ግምት ያስፈልጋል፤ ቅድመ ግምቱም በግልጽ ይነገር። 900 ለ 100 የፈጠራ ምሳሌ ነው፤ ያንን ደብቄ አላለፍሁም። «95.9 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ያለ ሰውም ቅድመ ግምት አለው፤ ነገር ግን ምን እንደሆነ አያውቀውም።

ዳኛው

እሱ የእምነት ሒሳብ ነው። የእኔ ቅድመ ግምት ከአንተ ቢለይ፣ ከአንድ መረጃ ሁለት «ዕድል» ልናወጣ ነው፤ የትኛውን ይጻፉት? አንተና እኔ በዚህ ከዚህ በፊትም ተከራክረናል፤ እዚህ ላይ ልተወው።

ፎቶን

ፊዚክስ ላይ የደረሰ አንድ ነገር ላንሣ፤ ከጥያቄው የራቀ ቢመስልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለው የሙከራ ቡድን፣ በጄኔቫ አጠገብ ካለው ሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ያህል በምድር ውስጥ አልፈው ጣልያን ወደሚገኘው ግራን ሳሶ የደረሱት ኒውትሪኖዎች ብርሃን ሊደርስበት ከሚገባው ጊዜ 60 ናኖሰከንድ ያህል ቀድመው እንደ ደረሱ አስታወቀ። ውጤቱ ስድስት ሲግማ ያህል ነበር፤ ወደ ፒ-ቫልዩ ሲቀየር ከቢሊዮን ሁለት ያህል ማለት ነው። እንደ ሕሊና አጻጻፍ ቢሆን «ኒውትሪኖ ከብርሃን አይፈጥንም የሚለው እውነት የመሆኑ ዕድል ከቢሊዮን ሁለት ነው» ይባል ነበር። የፊዚክስ ሰው ግን በአብዛኛው አላመነም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ችግሩ በደንብ ያልተገጠመ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ መሆኑ ታወቀ።

ለእኔ ከዚህ የሚወጣው፣ ከቅድመ ግምቱ ክርክር ውጭ የሆነ ነገር ነው። ፒ-ቫልዩው ትክክል ነበር። ያ መረጃ «ልዩነት የለም፣ ገመዱም ደኅና ነው፣ ሰዓቶቹም ልክ ናቸው» ከሚለው ጥቅል ጋር አልገጠመም፤ አልገጠመምም ነበር። ከጥቅሉ ውስጥ የትኛው እንደተሰበረ ግን ፒ-ቫልዩ አይናገርም። ባዶው መላምት ስንል ብቻውን ቆሞ የሚፈተን ይመስለናል፤ ሁልጊዜ የሚፈተነው ከጓዙ ጋር ነው።

አብነት

መጀመሪያ የጻፍሁትን አንሥቼዋለሁ፤ «በአጋጣሚ የተገኘ የመሆኑ ዕድል» የሚለውን በስንት ሪፖርት እንደጻፍሁት ሳስበው ግን አፈርሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ይህ ቁጥር የመላምቱን ዕድል ካልነገረን፣ የልዩነቱንም መጠን ካልነገረን፣ የተሰበረውንም ካልለየልን፣ ለምን ጨርሰን አንጥለውም? 0.05 የሚለውስ ከየት መጣ?

ዳኛው

0.05 ከሰማይ አልወረደም። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ለአሠራር የሚመች ወሰን ነው ብሎ የተጠቀመበት ቁጥር ነው፤ ከኋላው የመጣው ሰው አጥር አደረገው። ፊሸር ራሱ ፒ-ቫልዩን ይመለከት የነበረው «ይህን ነገር ደግመን እንየው» የሚያሰኝ ምልክት አድርጎ ነው። ለዚያ ደግሞ ይበቃል። አንድ ሰው ምንም ነገር የለም ብሎ ሲከራከር «ምንም ከሌለ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከ24 ጊዜ አንዴ ያህል ብቻ ነው የሚታየው» ብሎ መመለስ መቻል ትንሽ ነገር አይደለም። የሚጣለው ቁጥሩ ሳይሆን የተሸከመው ትርጉም ነው።

ሕሊና

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሬን እንዲህ አስተካከልሁት፤ እባካችሁ እዩልኝ።

«ከ20 ተሳታፊዎች 15ቱ (75 በመቶ፤ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ከ51 እስከ 91 በመቶ) በሥዕል የታገዘውን መመሪያ መርጠዋል። ተሳታፊዎች ለሁለቱም መመሪያዎች እኩል ዝንባሌ ቢኖራቸው ኖሮ፣ ከእኩሌታ ይህን ያህል ወይም ከዚህ በላይ የራቀ ውጤት የመታየቱ ዕድል 0.041 ነው።»

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። አቶ ፎቶን «ከጓዙ ጋር» ያሉትን ሳነብ ሆዴን ቆረጠኝ። መጀመሪያ የጠየቅሁት 10 ሰዎችን ብቻ ነበር። ከ10ሩ 7ቱ አዲሱን መረጡ፤ ፒ-ቫልዩው 0.34 ሲሆንብኝ ናሙናው አነሰ ብዬ 10 ሰዎች ጨመርሁ። በጥናቱ ጽሑፍ ላይ የለም፤ ነውር መሆኑንም አላውቅም ነበር። ይህ ነገር የ0.041ን ትርጉም ይለውጠዋል?

ቆጣሪው

ዓረፍተ ነገሩ እንደተጻፈ ጥሩ ነው፤ በተለይ «ቢኖራቸው ኖሮ» የሚለውን እንዳይነኩብኝ። ሙሉው ልዩነት ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ገምጋሚዎች ለማሳጠር ሲሉ መጀመሪያ የሚቆርጡት ይህንኑ ነው።

ስለ ኑዛዜው፦ አዎ፣ ይለውጠዋል፤ ምን ያህል እንደሆነም በከፊል ማስላት ይቻላል። 0.041 የተሰላው ከመጀመሪያው 20 ሰው ተወስኖ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ታይቶ በሚቆምበት ዓለም ነው። እርስዎ ግን 10 ላይ አይተዋል። 10 ላይ 9 ወይም 10 ሰው አንዱን ቢመርጥ ኖሮ ፒ-ቫልዩው 0.021 ወይም ከዚያ በታች ስለሚሆን እዚያው ቆመው ይጽፉ ነበር፤ አይደለም? እንግዲህ ሁለቱ መመሪያዎች በእውነት እኩል ቢሆኑም፣ 10 ላይ ወይም 20 ላይ «ጉልህ ልዩነት» አግኝቼአለሁ የሚሉበት ዕድል 4.1 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 5.4 በመቶ ይሆናል። ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያንን የተከበረ የ5 በመቶ መስመር ወደ ማዶ አሻገረዎት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በሐቀኝነት ይመልሱልኝ። 20 ላይ 13 ለ 7 ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይቆሙ ነበር?

ሕሊና

በሐቀኝነት? አልቆምም ነበር። አሥር ሰው ደግሜ እጨምር ነበር።

ቆጣሪው

እንግዲያው 5.4ም ትክክለኛው አይደለም፤ ከዚያ ይበልጣል። 30 ላይ ይቆሙ ነበር ወይስ 50 ላይ የሚለውን እርስዎም ስለማያውቁት፣ ማንም ትክክለኛውን ፒ-ቫልዩ ሊያሰላልዎ አይችልም። ማድረግ የሚችሉት የሆነውን እንደሆነ መጻፍ ነው፤ 10 ሰው ላይ 7 ለ 3 እንደነበረ፣ ፒ-ቫልዩ ከታየ በኋላ 10 እንደተጨመረ፣ የመቆሚያው ቁጥር አስቀድሞ እንዳልተወሰነ። በሁለተኛው ዙር ብቻ ከ10 ሰው 8ቱ አዲሱን መምረጣቸውንም ለብቻው ያስቀምጡ። ያ ብቻውን ፒ-ቫልዩው 0.11 ነው።

ዳኛው

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቆጣሪውና እኔ የምንገለባበጠው። አንተ ቅድመ ግምት ይነገር የምትል ሰው፣ በአንተ መንገድ ብትሄድ የመቆሚያው ደንብ ምንም አይለውጥብህም፤ 15 ለ 5 በማንኛውም መንገድ ቢመጣ ያው 15 ለ 5 ነው፣ ስሌትህ ስለ 10ኛው ሰው አይጠይቅም። ታዲያ ለምን 5.4 ብለህ ታስፈራራቸዋለህ?

ቆጣሪው

ምክንያቱም እርሳቸው ያቀረቡት ፒ-ቫልዩ ነው፤ ፒ-ቫልዩ ያቀረበ ሰው የፒ-ቫልዩን ዕዳ ይከፍላል። በእኔ መንገድ ቢሄዱ ግን ከዚህ ዕዳ ይድኑ ነበር ስትል ልክ ነህ፤ ያ ደግሞ ጥሩ ነገር ይሁን መጥፎ ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ሙሉ በሙሉ አልወሰንሁም። ሰው ደስ ያለው ቦታ ላይ እየቆመ መረጃው ምንም አልተጎዳም ሲለኝ ስሌቱ ይስማማል፤ ሆዴ ግን አይስማማም።

ማክዳ

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ልግባና፤ እኔም 12 ናሙና ላይ 0.38 ስላየሁ ነገ 12 ልጨምር አስቤ ነበር። አሁን ከመጨመሬ በፊት የት እንደማቆም ጽፌ ባስቀምጥ ከሕሊና ችግር እድናለሁ? ወይስ አንዴ ስላየሁት አለፈ?

ቆጣሪው

አንዴ አይተውታል፤ ያ አይመለስም። ግን ከወይዘሪት ሕሊና የተሻለ ቦታ ላይ ነዎት፤ ሁለተኛውን ዙር ገና አልጀመሩም። የሚፈልጉትን የናሙና ብዛት ዛሬ ይወስኑ፣ ስንት ደቂቃ ልዩነት ለላቦራቶሪዎ ቁም ነገር እንደሆነ አስቀድመው ይጻፉ፣ ከዚያ በአዲሱ ናሙና ብቻ ይፈትኑት። የቀድሞዎቹን 24 ናሙናዎች የልዩነቱን ስፋት ለመገመት ይጠቀሙባቸው እንጂ በአዲሱ ፈተና ውስጥ አይቀላቅሏቸው። ዳኛው በዚህ አይጣላኝም ብዬ አስባለሁ።

ዳኛው

በዚህ አልጣላህም።